ቀዩ መስመር ስለ አሁን፣ የመድረሻው ሰዓት ስለ በኋላ

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ተነስቶ ወደ ደለስ ኤርፖርት ዘመድ የሸኘ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሻንጣው ተጭኖ፣ ስንብቱ አልቆ፣ ስልኩ ከመሪው አጠገብ ሲሰካ ስክሪኑ የመድረሻ ሰዓት 8:05 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ5 መሆኑ ነው። ትንሽ ቆይቶ 8:08 ይሆናል። ቀጥሎ 8:12፣ ከዚያም 8:15። መኪናው ግን አንዴም አልቆመም፤ ፍጥነቱንም አልቀነሰም። ከኋላ የተቀመጡት መንገደኛ እናት «ይሄ ነገር ይዋሻል እንዴ?» ብለው ይጨነቃሉ።

አይዋሽም። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ቀለምና ከታች የተጻፈው ሰዓት የሚመልሱት አንድ ጥያቄ አይደለም። ቀለሙ «አሁን እዚያ ቦታ ምን እየሆነ ነው?» ለሚለው መልስ ነው። ሰዓቱ ደግሞ «አንተ እዚያ ስትደርስ ምን ይሆናል?» ለሚለው ግምት ነው። አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣው ሁለቱን እንደ አንድ ከማንበብ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ያንኑ የደለስ መንገድ ይዤ ልዩነቱን ላሳይ።

መንገዱ 30 ማይል ገደማ ነው። ክፍት ሲሆን 40 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጥቶ 495 የሚባለውን የዋሽንግተን ቤልትዌይ ይይዛል፤ ወደ ምዕራብ ሄዶ አሜሪካን ሊጅን በተባለው ድልድይ የፖቶማክን ወንዝ ይሻገራል፤ ቨርጂኒያ ገብቶ 267ን ይዞ ኤርፖርቱ ይደርሳል። የሥራ ቀን ጠዋት ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ የሚሻገረው ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ወንዙን የሚሻገሩት ድልድዮች ደግሞ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የዚህ መንገድ ዕጣ የሚወሰነው በአብዛኛው በድልድዩ ላይና ከእሱ በፊት ባሉት ጥቂት ማይሎች ነው።

በመጀመሪያ ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ጎግል የትራፊክ ቀለም በካርታው ላይ ያወጣው በ2007 ሲሆን ያኔ የሸፈነው ከ30 በላይ የአሜሪካ ከተሞችን ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2009፣ መረጃው ከአሽከርካሪዎች ስልክ መሰብሰብ ሲጀምር ነው። ቦታ የማሳየት አገልግሎቱ የተከፈተ ስልክ የት እንዳለና በምን ፍጥነት እንደሚንቀሳቀስ ስም ሳይጠቀስ ይልካል። በአንድ የመንገድ ክፍል ላይ ያሉ ብዙ ስልኮች ቀርፋፋ ከሆኑ ክፍሉ ቀይ ይሆናል። በ2020 መጀመሪያ ላይ ይፋ ባደረገው ሥራ ሲሞን ቬከርት የተባለ ጀርመናዊ አርቲስት 99 ስልኮችን በትንሽ ጋሪ ጭኖ በርሊን ውስጥ በእግሩ እየጎተተ ሄደ፤ ጋሪው ባለፈበት ባዶ መንገድ ላይ ካርታው ቀይ መስመር አሳየ። የምናየው ቀለም የመኪናዎች ፎቶ ሳይሆን የስልኮች ፍጥነት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ምንም ቀለም ያልተቀባ መንገድ ክፍት መንገድ ማለት አይደለም። በቂ ስልክ ስላላለፈበት የሚነገር ነገር የለም ማለት ሊሆን ይችላል። ናቪጌሽን ሲበራ ደግሞ የራሳችሁ መስመር ክፍት በሆነበት ቦታ የሚታየው በሰማያዊ እንጂ በአረንጓዴ አይደለም፤ ሰማያዊው ላይ ብርቱካናማና ቀይ ጣል ጣል ብሎ ይመጣል። ቀዩ እየጠቆረ ሲሄድ ትራፊኩ ይበልጥ ቀርፋፋ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ቀለሙ የሚለካው ከመንገዱ ከራሱ ጋር እየተነጻጸረ መሆኑን ነው። በጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ መብራት በየርቀቱ ባለበት፣ በሰዓት 20 ማይል መሄድ ደህና ጉዞ ነው፤ ቀለሙም ያንን ያሳያል። ያው 20 ማይል ቤልትዌይ ላይ ከባድ መጨናነቅ ነው፤ ቀይ ይሆናል። ስለዚህ ቀይ የሆነው ሃይዌይ አረንጓዴ ከሆነው የከተማ ጎዳና ፈጥኖ ሊያደርስ ይችላል። ቀለም አይቶ ብቻ ከሃይዌይ ወርዶ መብራት ውስጥ የሚገባ አሽከርካሪ ብዙ ጊዜ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

ቀዩ ምን ያህል ደቂቃ እንደሚወስድ ለማወቅ ከጥቁረቱ ጋር ርዝመቱንም ማየት ያስፈልጋል። ድልድዩ አጠገብ ሲሶ ማይል የማይሞላ በጣም የጠቆረ ቀይ አለ እንበል፤ 0.3 ማይል፣ ፍጥነቱ በሰዓት 5 ማይል። ይህን ለማለፍ ከ4 ደቂቃ በታች ይበቃል። ከኮኔቲከት አቬኑ ወዲህ ደግሞ 2 ማይል የሚዘልቅ ለስለስ ያለ ቀይ አለ፤ ፍጥነቱ 15 ማይል። ይህኛው 8 ደቂቃ ይፈጃል። መንገዱ ክፍት ሆኖ በ60 ማይል ቢሄዱበት ግን 2 ደቂቃ ነበር። ዓይን ወደ ጥቁሩ ይሄዳል፤ ጊዜ የሚበላው ግን ረጅሙ ነው። ስልኩን ሁለት ጣት አድርጎ ካርታውን ሰፋ ጠበብ ማድረግ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ስክሪኑ ጠግቶ ሲታይ አንድ ጎዳና ያህል መጨናነቅ እንኳ ከዳር ዳር ቀይ ያደርገዋል። ይህ መታየት ያለበት ግን ከመነሳት በፊት ወይም አጠገብ በተቀመጠ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንሂድ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ስልኩ 7:00 ሲል፣ ከቤት ስትነሱ ድልድዩ ጋ የምትደርሱት 7:25 አካባቢ ነው እንበል። ድልድዩ በ7:00 የነበረው ፍጥነት ለእናንተ ብዙም አይጠቅምም፤ የሚያስፈልገው የ7:25 ፍጥነት ነው። ያ ደግሞ ገና አልተከሰተም። ስለዚህ ሥርዓቱ ሁለት ነገር ያዋህዳል። አንደኛው አሁን የሚለካው ፍጥነት ነው። ሁለተኛው በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ ባለፉት ሳምንታት ምን ሲሆን እንደቆየ የሚያሳየው ልምድ ነው። ቅርብ ላለው መንገድ የአሁኑ ልኬት ሚዛን ይደፋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለሚደረስበት ደግሞ ልምዱ። በዚህ ምክንያት ቀይ ሳይታይ ሰዓቱ ረዝሞ ሊታይ ይችላል፤ ሥርዓቱ «አሁን ክፍት ነው፣ ማክሰኞ 7:25 ላይ ግን ዘወትር ይዘጋል» ብሎ አስቀድሞ ቆጥሮታል።

ልምዱ የተለመደ ቀን ሲሆን በጣም ጥሩ ይሠራል። ጎግል በ2020 ከዲፕማይንድ ጋር ስለሠራው የትንበያ ሥራ ሲገልጽ፣ ከ97 በመቶ በላይ በሆኑ ጉዞዎች የተገመተው የመድረሻ ሰዓት ትክክለኛ ሆኖ መቆየቱን ተናግሯል። በዚያው ዓመት ኮሮና መንገዱን ባዶ ሲያደርገው ግን የቆየው ልምድ ከእውነታው ስለራቀ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ላለው ቅርብ ጊዜ የበለጠ ክብደት እንዲሰጥ ስሌቱን መቀየር ነበረበት። በዋሽንግተን አካባቢ በረዶ የጣለበት ጠዋት፣ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተዘጋበት ሰኞ፣ በትንሹ ያው ችግር ነው፤ ልምዱ የሚያውቀው ሰኞ ያ ሰኞ አይደለም።

ልምድ ፈጽሞ ሊያውቀው የማይችለው ነገር አደጋ ነው፤ የመድረሻው ሰዓት ከሁሉ በላይ የሚንቀሳቀሰውም በአደጋ ነው። እንዴት እንደሆነ በቁጥር እንየው፤ ስሌቱ ቀላል ነው። ሦስት መስመር ያለው መንገድ በደህና ጊዜ በሰዓት 6,000 መኪና ገደማ ያሳልፋል። 7:10 ላይ ሁለት መኪና ተጋጭቶ አንዱ መስመር ተዘጋ እንበል። የቀረው ሁለት ሦስተኛው ይመስላል፤ እውነታው ግን ወደ ግማሽ ይወርዳል። መኪናው ለመቀላቀል ይተሻሻል፣ አሽከርካሪውም የተጋጨውን ለማየት ይቀንሳል። ስለዚህ በሰዓት 3,000፣ ማለትም በደቂቃ 50 መኪና ብቻ ያልፋል። የሚመጣው ደግሞ በሰዓት 5,000፣ በደቂቃ 83 ነው እንበል። በየደቂቃው 33 መኪና ይቀራል፤ ይሰለፋል።

7:10 ላይ እናንተ ከአደጋው ቦታ 15 ደቂቃ ትርቃላችሁ። በዚያች ቅጽበት ሰልፍ የለም፤ ስክሪኑም 8:05 ይላል፤ ትክክልም ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ 165 መኪና ተሰልፏል፤ በደቂቃ 50 ሲያልፍ ከ3 ደቂቃ በላይ መጠበቅ ማለት ነው፤ ስክሪኑ 8:08 ይላል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ 330 መኪና፤ ወደ 7 ደቂቃ ይጠጋል፤ 8:12። እናንተ ስትደርሱ 500 መኪና ከፊታችሁ አለ፤ 10 ደቂቃ፤ 8:15። መኪናችሁ ባልዘገየበት ሁሉ ሰዓቱ የሸሸው በዚህ ነው። የተጨመሩት ደቂቃዎች የተፈጠሩት እናንተ ቤልትዌይ ላይ በሰላም ስትሄዱ ነው። በእውነተኛው መንገድ ላይ ቁጥሩ እንዲህ በሥርዓት አይሄድም፤ ሥርዓቱም ቀርፋፋ ስልኮችን አይቶ እስኪያረጋግጥ ጥቂት ይዘገያል። ስለዚህ ሰዓቱ በአንድ ጊዜ አራት አምስት ደቂቃ ዘሎ ሊታይ ይችላል።

ቀዩ መስመር ወደ እናንተ የሚመጣ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሰልፉ ራስ አደጋው ጋ እንደቆመ ነው፤ ጅራቱ ግን በየደቂቃው 33 መኪና ወደ ኋላ ይረዝማል። ስክሪኑ ላይ ቀዩ ወደ ኋላ ሲዘረጋ ካያችሁ መጨናነቁ እያደገ ነው፤ የተጻፈው ሰዓት ገና ይጨምራል ብሎ ማሰብ ትክክል ነው። ቀዩ ከኋላ ጫፉ እያጠረ ከሆነ ነገሩ እየተፈታ ነው።

አሁን ደግሞ ጎረቤታችሁ ከእናንተ በኋላ፣ 7:25 ላይ አደጋው ተነስቶ መስመሩ ሲከፈት፣ ከዚያው ነጥብ 15 ደቂቃ ርቃ ነበር እንበል። ያኔ ስክሪኗ ሙሉውን 10 ደቂቃ መዘግየት ያሳያታል። ሆኖም መንገዱ አሁን በደቂቃ 100 መኪና ያሳልፋል፤ የሚመጣው 83 ነው። ሰልፉ በየደቂቃው በ17 ይቀንሳል። 7:40 ላይ ስትደርስ የቀረው 250 ያህል ነው፤ 2 ደቂቃ ተኩል ትጠብቅና ታልፋለች። በመንገዷ ሁሉ የመድረሻ ሰዓቷ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ሲመለስ ታያለች። አንድ ነገር ግን ይገርማታል፤ ምንም አደጋ በሌለበት ቦታ መጨናነቅ ታገኛለች። 500ው መኪና ተራግፎ ለማለቅ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፤ አደጋው ተነስቶም ቀዩ እስከ 7:55 አይጠፋም። «ምንም ሳይኖር ነው የተዘጋው» የምንለው መጨናነቅ ብዙ ጊዜ የዚህ ዓይነቱ ቅሪት ነው።

ስክሪኑ ተለዋጭ መንገድ የሚያቀርበው በዚህ መሀል ነው። ግራጫ መስመር ይወጣል፤ «3 min slower» ወይም «Similar ETA» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲነሱ ዋናው ተወዳዳሪ ቤልትዌይን ትቶ በዲሲ ውስጥ አቆራርጦ ቼይን ብሪጅ በሚባለው ድልድይ የሚሻገረው ነው። ሌላው፣ በቤልትዌይ ሄዶ ድልድዩ ሊደረስ ሲል በክላራ ባርተን ፓርክዌይ ወርዶ ወንዙን ተከትሎ ያንኑ ቼይን ብሪጅ መያዝ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ልዩነት ሲታይ እኔ ልዩነት ብዬ አልቆጥረውም። ግምቱ ራሱ አሥር ደቂቃ ሊወዛወዝ በሚችልበት ጉዞ ላይ የሦስት ደቂቃ ብልጫ ከግምቱ ስህተት ያንሳል።

እንዲህ ባለ ጊዜ መጠየቅ ያለበት መንገዱ ሲበላሽ ምን ያህል እንደሚበላሽ ነው። ቤልትዌይ አደጋ ካለበት 10 ደቂቃው 40 ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በሰዓት ሺዎችን የሚያሳልፍ መንገድ ስለሆነ ጥቂት መቶ መኪና ቢጨመርበት አይሰማውም። በቼይን ብሪጅ የሚሄደው ጠባብና መብራት ያለበት ነው። ስክሪኑ ለእናንተ ሲያቀርበው ለሌሎችም እያቀረበ ነውና ጥቂት መቶ መኪና ሲገባበት ብልጫው እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ተለዋጩ መንገድ የሚያዋጣው ቀድሞ ለገባበት ነው። ቀዩ ወደ ኋላ እየተዘረጋ ከሆነና ብልጫው 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሆነ ወዲያው መታጠፍ ተገቢ ነው። ብልጫው ትንሽ ከሆነ፣ ወይም ቀዩ ማጠር ከጀመረ፣ መስመርን ይዞ መቀጠል ይሻላል።

ምርጫው የሚያበቃበትን ቦታም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ ላይ ያ ቦታ የክላራ ባርተን ኤግዚት ነው። እሱ ካለፈ በኋላ ያለው ድልድዩ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ምንም ቢል መውረጃ የለም። ግራጫው መስመር ከስክሪኑ የሚጠፋውም ከዚህ በኋላ ስለሆነ ሥርዓቱ ተስፋ ቆረጠ ማለት አይደለም። አንዳንድ መንገድ ደግሞ የሚጠፋው በሰዓት ምክንያት ነው። ከቼይን ብሪጅ ወደ ከተማው የሚወስደው የካናል ሮድ ክፍል በሥራ ቀን ጠዋት ወደ ከተማው ብቻ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከከተማው ወደ ውጭ ብቻ ይነዳበታል፤ ጠዋት የሄዳችሁበትን መንገድ ማታ ስክሪኑ ባያቀርበው ምክንያቱ ይህ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመንገድ ምርጫው ቅንብር መታየት አለበት። በሌላ ቀን ለሌላ ጉዞ የተነካ «Avoid tolls» ወይም «Avoid highways» እንደተከፈተ ከቀረ፣ ስክሪኑ የተሻለውን መንገድ እያወቀ አያሳያችሁም።

ለአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ግን ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። ናቪጌሽኑ ሲበራ የሚታየው አንድ ሰዓት ነው፤ ከጀርባው ያለው ግን ሰፊ ክልል ነው። ጉዞውን ሳትጀምሩ፣ ከዋዜማው ማታ፣ ጎግል ማፕስ ላይ የመነሻ ወይም የመድረሻ ሰዓት መርጣችሁ ብትጠይቁ ያንን ክልል በግልጽ ይነግራችኋል፤ «ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ከ20» ዓይነት መልስ ይሰጣል። ዝቅተኛው ቁጥር መንገዱ ሲቀና፣ ከፍተኛው ሲከፋ ነው። ገበያ ለመሄድ መካከሉን መያዝ ይበቃል። አዲስ አበባ የሚገባ ዘመድ ለመሸኘት ግን መነሻው መሰላት ያለበት በከፍተኛው ነው፤ በመካከሉ ላይ ተነስቶ በመንገድ ላይ 8:05 ሲሸሽ ማየት ያንን ሁሉ ጭንቀት ያመጣል። በዚያም ላይ የመድረሻው ሰዓት የሚቆጥረው መኪናው ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ እስክትደርስ ነው። መኪና ማቆም፣ ሻንጣ ማውረድና መሰለፍ አልተቆጠረም።

ድልድዩ ታልፎ 267 ላይ ሲወጣ ደግሞ ስክሪኑ ሌላ ድክመት ያሳያል። እዚያ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መንገዶች አሉ። መሀል ያለው ኤርፖርት ለሚሄድ ብቻ የተሠራና ክፍያ የሌለው ነው፤ ከእሱ ውጭ በዳር ያለው የሚከፈልበት ቶል ሮድ ነው። የስልክ ጂፒኤስ ሰማይ ክፍት በሆነበት ቦታ እንኳ የሚስተው እስከ 5 ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ የሃይዌይ መስመር ግን ስፋቱ 3 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ ስልኩ በየትኛው መንገድ ላይ እንደሆናችሁ ሊያምታታው ይችላል። በነፃው ላይ እየሄዳችሁ በቶሉ ላይ ያላችሁ መስሎት «ውጡ» ሊላችሁ፣ የመድረሻውንም ሰዓት ለጥቂት ጊዜ ሊያዛባው ይችላል። ዳር ያለው ሲጨናነቅ መሀሉ ክፍት ቢሆንም ቀለሙ ሊደባለቅ ይችላል። ከቤልትዌይ ስትወርዱ ከላይ የተሰቀለውን የደለስ ኤርፖርት ምልክት ተከትላችሁ መሀሉን ያዙ፤ ሰማያዊዋ ቀስት ወዲያና ወዲህ ብትዘልም ከዚያ መንገድ አትውጡ። ጥቂት ሰኮንዶች ቆይታ ራሷ ወደ ትክክለኛው መስመር ትመለሳለች፤ ሰዓቱም አብሮ ይረጋል።